ቀይ የበራው የትኛው ነው?

ኢንተርኔት ተቋርጦበት ወደ ደንበኞች አገልግሎት የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ «ራውተሩ ቀይ እያበራ ነው» ብሎ ይጀምራል። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ደግሞ ወዲያው «ቀይ የበራው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ወሬው ይቆማል። ሣጥኑ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል፣ በመብራቶቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ ደዋዩም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መብራቶቹን ለይቶ አይቷቸው አያውቅም።

ጥያቄው ግን ሰው ለማስቸገር የሚቀርብ አይደለም። ከመስመር ጠቋሚው ላይ የበራ ቀይና ከኢንተርኔት ጠቋሚው ላይ የበራ ቀይ የማይገናኙ ሁለት ብልሽቶች ናቸው። አንደኛው ቴክኒሻን ቤት ድረስ መምጣት ያለበት ነው፤ ሌላው ያልተከፈለ ወርሃዊ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔቱን መብራት ብቻ ነጥሎ ማየትም አይጠቅምም። የሚነበበው ከጎረቤቱ ጋር ነው።

የመብራቶቹ አደራደር ከሣጥን ሣጥን ይለያያል፤ ሥራው የሚሄድበት ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይገባና የፓወር መብራት ይበራል። ቀጥሎ ሣጥኑ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ጋር ይግባባል። በመዳብ የስልክ መስመር ለሚጠቀም ቤት ይህንን የሚናገረው ዲኤስኤል ወይም ኤዲኤስኤል የሚለው መብራት ነው። ፋይበር በገባለት ቤት ደግሞ ፒ፣ ኦ፣ ኤን በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የተጻፈበት፣ ቴክኒሻኖች ፖን የሚሉት ነው። መስመሩ ከተያዘ በኋላ ሣጥኑ የደንበኛውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ወደ ድርጅቱ ይልካል። ትክክል ሆኖ ከተገኘ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። የኢንተርኔት መብራት የሚበራው ያኔ ነው፤ ማለትም ከሁሉ መጨረሻ።

የዋይፋይ መብራት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የለበትም። የሚናገረው ሣጥኑ ከእናንተ ስልክና ላፕቶፕ ጋር መነጋገር መቻሉን ብቻ ነው። ከመንገድ የሚመጣው ገመድ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቆ እንኳ ዋይፋዩ ብልጭ እያለ ይቀጥላል፤ በስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክትም ሙሉ ሆኖ ይቆያል። «ዋይፋዩ ፉል ነው፣ ግን አይሠራም» የሚባለው ለዚህ ነው። ፉል የሆነው በስልኩና በሣጥኑ መካከል ያለው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ኢንተርኔት መብራት እንምጣ። በሚጠፋበትና በሚቀላበት ጊዜ የሚለው ነገር ለየቅል ነው። የዲኤስኤል መሣሪያዎችን ደረጃ ያወጣ የነበረው ዲኤስኤል ፎረም የተባለ የኢንዱስትሪ ማኅበር ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አምራቾች ሊከተሉት የሚገባ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ሰነዱ መብራቶቹን ሁሉ ሲደነግግ ለኢንተርኔት መብራት የሰጠው ትርጉም ዛሬም በብዙ ሣጥኖች ላይ ይሠራል። አረንጓዴ ከሆነ አድራሻ ተገኝቷል፣ ግንኙነት አለ። ቀይ ከሆነ ሣጥኑ ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ወይ መልስ አላገኘም፣ ወይ ስሙና የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አላገኙም። ጠፍቶ ከሆነ ግን ሙከራም የለም። ወይ ከታች ያለው መስመር አልተያዘም፣ ወይ ሣጥኑ እንዲገባ የሚያደርገው መረጃ አልተሞላበትም።

የጠፋ መብራት ብልሽት የማይሆንበት አንድ ሁኔታም አለ። አንዳንድ ቤትና መሥሪያ ቤት የድርጅቱን ሣጥን እንደ ድልድይ ብቻ ተጠቅሞ መግባቱን ለሌላ፣ በራሱ ለገዛው ራውተር ይተዋል። ባለሙያዎች ብሪጅ ሞድ ይሉታል። እንዲህ ከተደረገ የመጀመሪያው ሣጥን የኢንተርኔት መብራት ሁልጊዜ ጠፍቶ ይቆያል፤ መታየት ያለበት የሁለተኛው ነው።

ብልጭ ድርግም ማለት ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያደናግራል። አረንጓዴው የኢንተርኔት መብራት ብልጭ ሲል «ሊጠፋ ነው» ብለው የሚሰጉ ሰዎች ገጥመውኛል። ሊጠፋ አይደለም፤ መረጃ እያለፈ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምቱ ነው። መረጃ ሲያልፍ ብልጭታው ዥንጉርጉር ነው፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ቪዲዮ ሲከፈት ይጣደፋል፣ ስልኮቹን ሁሉ ከዋይፋይ ብታወጧቸው ይረጋል። ሣጥኑ የሆነ ነገር እየፈለገ ከሆነ ግን ብልጭታው እኩል ነው፤ ማንም ተጠቀመ አልተጠቀመ አይለዋወጥም። ጥርጣሬ ሲኖር ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትኩር ብሎ ማየት ይበቃል።

የኢንተርኔቱ መብራት ጠፍቶ ከሆነ፣ ወደ መስመሩ መብራት ዞር በሉ። በመዳብ መስመር ላይ ዲኤስኤሉ ሳይርገበገብ ከበራ ሣጥኑ ከማዕከሉ ወይም መንገድ ዳር ካለው ካቢኔ ጋር ተግባብቷል። በብዙ ሣጥኖች ቀስ ብሎ ብልጭ ማለቱ በመስመሩ ላይ ምንም ድምፅ አለመሰማቱን፣ ፈጠን ብሎ ብልጭ ማለቱ ደግሞ ከወዲያ በኩል ምልክት ተገኝቶ ለመግባባት እየተሞከረ መሆኑን ያሳያል። በፍጥነት ብልጭ ብሎ፣ ለጥቂት ደቂቃ በርቶ ረግቶ፣ ተመልሶ ደግሞ ብልጭ የሚል ከሆነ መስመሩ አልተቆረጠም፤ ተበላሽቷል። ክረምት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ውኃ በሽቦዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ መዳቡ ይዝጋል፣ ምልክቱ በጫጫታ ይዋጣል። መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ አለ፤ የቤቱን ስልክ አንስቶ ማዳመጥ። ድምፁ ከሌለ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ቢኖርም የሚሸሸው ወይም የሚንጫጫው ከበዛ መብራቱ የሚጠፋበት ምክንያት ያው ነው።

ከመደወላችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ሽቦ ከጥርጣሬ ማውጣት ይቻላል። ስልኩንና ሞደሙን የምትከፍለውን ትንሽ ሣጥን፣ ስፕሊተር የሚሏትን፣ አውጡ፤ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ስልኮች ሁሉ ንቀሉ፤ ሞደሙን በአጭር ገመድ መስመሩ መጀመሪያ ቤት ከሚገባበት ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰኩት። የዲኤስኤሉ መብራት ከረጋ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲህ ነው፤ ምናልባትም ያረጀች ስፕሊተር ናት። ካልረጋ ጥፋቱ ከደጅ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም እዚሁ ላይ ይነሣል። ብዙ ሰው ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ገዝቶ ፓወሩ እየበራ ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚሄድ ይገርመዋል። በመዳብ መስመር ላይ መንገድ ዳር ያለው ካቢኔ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የእሱ ባትሪ ሲያልቅ ዲኤስኤሉ ይጠፋል፤ የቤታችሁ ባትሪ የሚረዳው ነገር የለም። የቤት ፋይበር ግን በአብዛኛው በመንገዱ ላይ ያሉት ብርሃን አከፋፋዮች ኤሌክትሪክ የማይፈልጉ ናቸው። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ እንኳ፣ ለሣጥኑ ባትሪ ያለው ሰው ማዕከሉ እስካልተዘጋ ድረስ ሊጠቀም ይችላል።

ፋይበሩ የራሱ ጠባይ አለው። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የሁዋዌ ሣጥኖች፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ኢንተርኔት የሚል መብራት የሌላቸው፣ ሁለት ዋና ምስክሮች አሏቸው። አንዱ ያልነው ፖን ነው። ሌላው ኤል፣ ኦ፣ ኤስ ተብሎ የተጻፈበት፣ ቴክኒሻኖች ሎስ የሚሉት፣ የብርሃን ምልክት መጥፋቱን የሚናገር ቀይ መብራት ነው። ሰላም ሲሆን ፖን ሳይርገበገብ ይበራል፣ ሎስ ይጠፋል። ፖን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ እያለ ሎስ ከጠፋ፣ ብርሃኑ እየደረሰ ነው፤ ሣጥኑ ከማዕከሉ ጋር ለመተዋወቅ እየሞከረ ነው፤ ከተበራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ይህ የተለመደ ነው። ፖን ጠፍቶ ሎስ በሁለት ሰከንድ አንዴ በቀስታ ቀይ ብልጭ ካለ፣ የሚደርሰው ብርሃን ሣጥኑ ሊያነበው ከሚችለው በታች ሆኗል። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ ማዕከሉ ለዚያ ሣጥን መግቢያ አልፈቀደም ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ገመድ መነካካት ዋጋ የለውም፣ የሚፈታው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ሳሎናቸውን ያስተካክላሉ፤ ሶፋው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቡፌው ቦታ ይለውጣል። ማታውኑ ኢንተርኔት ይጠፋል። ሎስ ቀይ ብልጭ ይላል፣ ፖን ጠፍቷል። ልጃቸው ሣጥኑን አጥፍቶ ያበራል፣ ደግሞ አጥፍቶ ያበራል፤ ምንም ለውጥ የለም። በማግስቱ የመጣው ቴክኒሻን ሣጥኑን እንኳ ሳያየው ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። ከሶፋው ጀርባ ሲደርስ ቆመና «እማማ፣ ይኼ ሶፋ መቼ ነው እዚህ የመጣው?» አላቸው። «ትናንት ነው ልጄ፤ ምነው?» «ገመዱን አጥፎታል።»

ከሣጥኑ ላይ ጫፉ አረንጓዴ የሆነውን የፋይበር መሰኪያ ነቅሎ የብርሃን መለኪያው ላይ ሰካው። መለኪያው −31 ዲቢኤም አለ። እነዚህ ሣጥኖች ብርሃኑን እስከ −27 ገደማ ድረስ ነው የሚያነቡት። ሶፋውን ጎተት አድርጎ ገመዱን ሲያቃና ቁጥሩ −21 ላይ ቆመ። የአሥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። በዚህ መለኪያ በየሦስቱ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ በአሥሩ ደግሞ አንድ አሥረኛ ይቀራል። እጥፋቱ ላይ ዘጠኝ አሥረኛ የሚሆነው ብርሃን በመስታወቱ ጎን እየፈሰሰ ይጠፋ ነበር። ገመዱ አልተቆረጠም፣ ከላይ ሲያዩትም ጭረት የለውም። መሰኪያውን በልዩ ጨርቅ ጠርጎ መለሰው፤ ሎስ ጠፋ፣ ፖን ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ብሎ ረጋ።

ከዚህ የሚወሰደው ልክ ቀላል ነው፤ ተራው የፋይበር ገመድ ከቡና ስኒ አፍ በጠበበ ክብ መታጠፍ የለበትም። ሎስ ቀይ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ በር የሚቆነጥጠው ቦታ፣ ሚስማር የተመታበት፣ ዕቃ የተደገፈበት። አይጥም ትወደዋለች። መሰኪያውን ግን ያለ ምክንያት አትንቀሉት፤ ጫፉ ላይ ያረፈች አቧራ ብቻዋን ብርሃኑን ትቀንሳለች። ከነቀላችሁት ደግሞ ጫፉን አታዩት። በውስጡ የሚሄደው ጨረር ለዓይን አይታይም፤ ስለማይታይም ዓይን አይሸሸውም።

ወደ ቀዩ የኢንተርኔት መብራት ልመለስ። የመስመሩ መብራት ረግቶ፣ ዲኤስኤልም ይሁን ፖን፣ ኢንተርኔቱ ብቻ ቀይ ከሆነ ሽቦውን ተዉት። መንገዱ ደህና ነው፤ በሩ ላይ ነው ያልተከፈተው። የአገልግሎት ክፍያ አልፎ ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በድርጅቱ በኩል ደንበኞችን የሚያስገባው ሰርቨር ተቸግሮም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጎረቤትም ቀይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳቡን አይቶ፣ ቀጥሎ ጎረቤት መጠየቅ ከሁሉ ያጠረው መንገድ ነው።

ብዙ የማይታወቅ አንድ ምክንያትም አለ፤ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ይታያል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሣጥኑ «ወጥቻለሁ» ብሎ ለመሰናበት ጊዜ አያገኝም። በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ግን አሁንም እንደገባ ተመዝግቧል። መብራቱ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ሣጥኑ በዚያው ስም ሊገባ ሲል፣ በአንድ ስም አንድ ሰው ብቻ የሚፈቅድ ሰርቨር «ይህ ስም ውስጥ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ቀይ ይበራል። መድኃኒቱ መጠበቅ ነው። የድሮው ግንኙነት ሞቶ መሆኑን ሰርቨሩ ሲረዳ ይሰርዘዋል፣ መብራቱም በራሱ አረንጓዴ ይሆናል። ቸኩሎ በየደቂቃው ማጥፋትና ማብራት ነገሩን ያረዝመው እንደሆነ እንጂ አያሳጥረውም።

አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የተበላሸው በትክክል ይህ መጠበቅ ሳይደረግ ነው። መብራት ሄዶ መጣ፣ ዲኤስኤሉ ረጋ፣ ኢንተርኔቱ ቀላ። የቤቱ ልጅ ከሣጥኑ ጀርባ ሪሴት ከሚለው ቀዳዳ መርፌ ከትቶ እስኪበቃው ተጫነ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው በሩ። ከዚያ በኋላ ቀዩ አልተመለሰም፤ ልጁም ደስ አለው። ግን አረንጓዴም አልሆነም፤ ጠፍቶ ቀረ። ቀደም ብለን ያልነውን ካስታወሳችሁ ምን እንደተፈጠረ ግልጽ ነው። ሪሴቱ ሣጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ አደረገው፤ የተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም ተደመሰሱ። ቀዩ የጠፋው ብልሽቱ ስለዳነ ሳይሆን የሚሞከር ነገር ስላልቀረ ነው። የዋይፋዩ ስምም ሌላ ሆነ፤ ስልኮቹ ሁሉ ወጡ።

ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ መመለስ ምንም አያጠፋም፤ ሣጥኑ ሁሉንም ዳግም ለመያዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሪሴት የተደረገ ሞደም ግን እንደገና መሞላት አለበት። በኬብል ወይም በዋይፋይ ከሣጥኑ ጋር ተገናኝቶ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ማሰሻ ላይ በሣጥኑ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈውን አድራሻ መክፈት ነው። በብዙ ሞደሞች 192.168.1.1 ነው፤ በብዙ የሁዋዌ ፋይበር ሣጥኖች 192.168.100.1 ነው። እዚያ ገብቶ ፒፒፒኦኢ በሚለው ቦታ ላይ ስምና የይለፍ ቃሉ ይሞላሉ። እነዚህን የሚሰጠው አገልግሎት ሰጪው ነው። ውል ሲፈረም በተሰጠው ወረቀት ላይ ከሌሉ መደወል ግድ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱም ሥራ የጀመረው ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ነው። የፋይበር ሣጥን ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ አንዳንዱ የጠፋበትን መረጃ ራሱ ከማዕከሉ ይወስዳል፣ ሌላው ግን ቴክኒሻን ያስጠራል።

መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ገጽ አልከፍት የሚልበት ጊዜም አለ። የኢንተርኔት መብራት የሚመሰክረው አድራሻ መገኘቱን እንጂ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ መከፈቱን አይደለም። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪ ያልከፈለ ደንበኛን ሳያስወጣ፣ ወደ ክፍያ ገጽ ብቻ ያሳልፈዋል፤ መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው። ከአንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ስልኩ ጋር ነው። ከሁሉም ላይ ከሆነ ሣጥኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

መብራቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ቦግ ብለው እየጠፉ እንደገና ከጀመሩ ደግሞ መስመሩን አትጠርጥሩ። ሣጥኑ ራሱ እየወደቀ እየተነሣ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ከመብራት መዋዠቅ በኋላ ደክሞ ነው። ምትክ ሲገዛ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ቮልት ልክ እንደነበረው፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። የ9 ቮልት ሞደም ላይ የ12 ቮልት አዳፕተር መሰካት ሁለተኛ ብልሽት መግዛት ነው፤ መሰኪያቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ ሻጩም ላያስጠነቅቅ ይችላል።

እንግዲህ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ስትደውሉ «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ፋይበር ነው፤ ፓወር አረንጓዴ፣ ፖን ጠፍቷል፣ ሎስ በቀስታ ቀይ ብልጭ ይላል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው፤ አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ሪሴት አልነካሁም፤ ገመዱ የታጠፈበት ቦታ አላገኘሁም።» ይህን የሰማ ባለሙያ የይለፍ ቃል አያስሞላችሁም፤ መስመሩን እንዲያይ ቴክኒሻን ይመዘግባል። «ዲኤስኤሉ ረግቷል፣ ኢንተርኔቱ ቀይ ነው፣ ጎረቤቴ ይሠራለታል» ካላችሁት ደግሞ ማንንም ወደ ምሰሶ አይልክም፤ ስማችሁን በኮምፒውተሩ ላይ ያያል። ከመደወላችሁ በፊት የመብራቶቹን ፎቶ፣ ብልጭ የሚሉ ከሆነ ደግሞ አጭር ቪዲዮ ብታነሱ ይሻላል፤ ስልክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ማጎንበስ አይቻልምና።